እንቁላሉ የት ተጣለ? ሥጋውን ማን አሸገው?

እ.ኤ.አ. በ2017 የበጋ ወራት በኔዘርላንድስ፣ በቤልጅየምና በጀርመን ብዙ ሰው ፍሪጁን ከፍቶ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ቁጥር ያነብ ነበር። ፊፕሮኒል የሚባል የተባይ ማጥፊያ እንቁላል ውስጥ ተገኝቷል። ፊፕሮኒል ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ለሰው ምግብ በሚሆኑ እንስሳት ላይ ግን በአውሮፓ ኅብረት አይፈቀድም። ሆኖም የዶሮ ቤቶችን ለማጽዳትና ዶሮን ሌሊት ደሟን የሚመጣትን ቀይ ቅንቅን ለማጥፋት በተረጨ ፈሳሽ ውስጥ ተቀላቅሎ ኖሯል። ወደ ዶሮዎቹ ሰውነት ገባ፣ ከዚያም ወደ እንቁላሉ አለፈ። የኔዘርላንድስ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከመቶ በላይ የዶሮ ርባታዎችን አግዶ፣ በእንቁላሎቻቸው ላይ የተመታውን ቁጥር ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

በጀርመን ሸማቾች ዘንድ ወዲያው አንድ አቋራጭ መንገድ ተገኘ፦ እንቁላሉ ላይ NL ካለ ጣለው፣ DE ካለ ብላው። አቋራጩ በሁለት በኩል ስሕተት ነበር። አብዛኞቹ የኔዘርላንድስ ርባታዎች ከነገሩ ንጹሕ ነበሩ። በሌላ በኩል ያው ፈሳሽ በጀርመኗ ኒደርዛክሰን ግዛት ውስጥ ባሉ ጥቂት ርባታዎችም ተረጭቶ ስለነበር DE የሚል ማኅተም ያለባቸው እንቁላሎችም ተበክለው ተገኙ። ጉዳዩን የሚለየው ከፊደላቱ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ሁለቱ ፊደላት የአድራሻው መጀመሪያ ብቻ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ግን እዚያው ላይ ማንበቡን ያቆማል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ እንቁላል ሁሉ ከ2004 ጀምሮ ይህ ማኅተም በቅርፊቱ ላይ እንዲመታበት ግዴታ ሆኗል። ቀለሙ ለምግብ የተፈቀደ ነው፤ በቅርፊቱ በኩል ቢሰርግ እንኳ አይጎዳም። ለምሳሌ ያህል ከጀርመን የመጣ አንድ እንቁላል ላይ እንዲህ ተጽፎ ብናገኝ፦

```
1-DE-0312341
```

የመጀመሪያው አሐዝ ዶሮዋ እንዴት እንደተያዘች ይናገራል። 0 ኦርጋኒክ ነው፤ 1 ወደ ውጭ ወጥታ መስክ ላይ የምትጭር ዶሮ፣ 2 አዳራሽ ውስጥ ወለል ላይ የምትኖር፣ 3 ደግሞ በሽቦ ቤት የምትኖር ማለት ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ፊደላት አገሩን ያሳያሉ፦ DE ጀርመን፣ NL ኔዘርላንድስ፣ PL ፖላንድ፣ IT ጣሊያን፣ AT ኦስትሪያ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር እያንዳንዱ አገር በራሱ አሠራር ይሰጣል። በጀርመን ሰባት አሐዝ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግዛቱን ይገልጻሉ። 03 ኒደርዛክሰን ነው፤ 06 ሄሰን፣ 09 ባየርን። የሚቀጥሉት አራቱ የርባታው መለያ ናቸው። የመጨረሻው አንድ አሐዝ ደግሞ እንቁላሉ በዚያ ርባታ ውስጥ ከየትኛው የዶሮ ቤት እንደወጣ ይናገራል። አንድ ገበሬ ሦስት የዶሮ ቤት ቢኖረውና በሽታው የተገኘው በአንዱ ብቻ ቢሆን፣ የሁለቱን እንቁላል ከሦስተኛው መለየት ይቻላል ማለት ነው። ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ላይ እንዲህ እስከ ቤቱ በር ድረስ የሚወስድ አድራሻ ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው ማኅተሙን የማደንቀው።

እነዚያ ሁለት ፊደላት የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ እንቁላሉ የት አገር ተጣለ? ጫጩቷ የት እንደተፈለፈለች፣ ቄብ ሆና የት እንዳደገች ወይም መኖዋ ከየት እንደመጣ አይነግሩንም። እንቁላሉ የት እንደታሸገም አይናገሩም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑን ስናገላብጠው የማሸጊያ ጣቢያው ቁጥር ተጽፎ እናገኛለን፤ እሱም በአገር ፊደላት ይጀምራል። ካርቶኑ ላይ ያለው DE እንቁላሉን መዝኖ፣ በየደረጃው ለይቶ፣ ካርቶን ውስጥ የጨመረው ድርጅት ጀርመን ውስጥ መሆኑን ይገልጻል። ውስጥ ያለው እንቁላል ግን NL ወይም PL ሊል ይችላል፤ ሕጉም አይከለክለውም። የእንቁላሉን አገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ ቅርፊቱን ማንበብ አለበት።

ቀድሞ እንቁላሉ ወደ ማሸጊያ ጣቢያ ሳይታተም ተጭኖ እዚያ ሊታተም ይችል ነበር። ያልታተመ እንቁላል በመኪና ተጭኖ ሲጓዝ ከሌላ ርባታ እንቁላል ጋር ቢቀላቀል ወይም የሽቦ ቤቱ እንቁላል የመስክ ነው ተብሎ ቢታተም ማን ያውቃል? ከኅዳር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ ደንብ ማኅተሙ እዚያው እንቁላሉ በተጣለበት ቦታ እንዲመታ የሚያዘው ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። አገሮች በተወሰነ ሁኔታ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጡ ግን በር ትቷል።

ማኅተሙ የማይኖርባቸው ቦታዎችም አሉ። ገበሬው በራሱ ደጅ ለሚሸጠው እንቁላል አያስፈልግም። ከ50 የማይበልጡ ዶሮዎች ያሉት አርቢ በአካባቢው ገበያ ሲሸጥም፣ ስሙንና አድራሻውን እስካስቀመጠ ድረስ አገሩ ነፃ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ገዢው ሻጩን ፊት ለፊት ያየዋል። ተገቢ የማይመስለኝ ሌላው ነው። ተቀቅሎ፣ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ እንቁላል በጀርመን የርባታውን ቁጥር መያዝ አይጠበቅበትም። ማዮኔዝ፣ ብስኩት፣ በእንቁላል የተቦካ ፓስታም እንዲሁ። በፊፕሮኒሉ ጊዜ ሰው ፍሪጁ ውስጥ ያለውን እንቁላል መለየት ሲችል፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ኬክ ግን መለየት አልቻለም። ቅርፊቱ ሲሰበር አድራሻውም አብሮ ይጠፋል። በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለበዓል ዶሮ ወጥ እንቁላል ቀቅሎ ሲልጥ ቁጥሩን ከቅርፊቱ ጋር ይጥለዋል። ከበዓሉ ማግስት የማስጠንቀቂያ ዜና ቢሰማ የቀረው ካርቶን ብዙ አይረዳውም፤ ካርቶኑ የማሸጊያ ጣቢያውን እንጂ ርባታውን አይነግረውም። ሠላሳ አርባ እንቁላል ለሚቀቅል ቤት፣ ከመላጡ በፊት ቁጥሮቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት የሚያስቸግር ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሥጋው እንሂድ። በታሸገ ሥጋ፣ በቋሊማ፣ በወተትና በአይብ እሽግ ላይም ሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፈ አጭር ምልክት አለ። ከላይ የአገሩ ሁለት ፊደላት፣ መሐል ላይ የድርጅቱ የፈቃድ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ በየቋንቋው የአውሮፓን ማኅበረሰብ የሚያመለክቱ ፊደላት፤ በጀርመን EG፣ በፈረንሳይና በጣሊያን CE። DE የሚለውን አይቶ «የጀርመን ሥጋ ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ምልክቱ ግን እንዲህ አይልም። ሞላላው የሚናገረው ምርቱን በመጨረሻ ያዘጋጀው ወይም ያሸገው ድርጅት የትኛው እንደሆነ ነው። የእንቁላሉ ፊደላት ወደ መነሻው ሲመልሱን፣ የሞላላው ፊደላት የመጨረሻውን እጅ ያሳዩናል።

ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ የበግ እግር በመንገዱ ሁሉ እንከተል። በጉ በኅብረቱ ውስጥ ባለ ቄራ ታረደ እንበል። ሐኪሙ ሬሳውን ከመረመረ በኋላ በቆዳው ወይም በሥጋው ላይ በቀለም ወይም በጋለ ብረት የጤና ማኅተም ይመታል። ይህም ሞላላ ነው፤ በደንቡ መሠረት ስፋቱ ቢያንስ 6.5 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 4.5 ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ ለጠቦትና ለግልገል ሊያንስ ይችላል። ይህን ማኅተም የሚያስመታው መንግሥት ያቆመው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በውስጡ ያለውም የቄራው ቁጥር ነው። በሥጋ ቤት ከተሰቀለ ሙሉ ሥጋ ላይ ስናየው የት እንደታረደ በትክክል ይነግረናል። ቀጥሎ ሥጋው ሌላ ከተማ ወዳለ የመቆራረጫ ድርጅት ይሄዳል። እዚያ ተቆራርጦ በሳጥን ሲታሸግ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ሞላላ የመቆራረጫው ድርጅት ነው፤ ይህኛውን የሚያደርገው ሐኪሙ ሳይሆን ድርጅቱ ራሱ ነው። ሳጥኑ ሌላ አገር ተከፍቶ ሥጋው በትንንሽ ሳህን ዳግም ሲታሸግ፣ ሕጉ አዲስ ሞላላ እንዲደረግበት ያዛል። ገዢው እጅ የሚደርሰው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። በጉ ኒውዚላንድ ውስጥ አድጎ፣ እዚያው ታርዶ፣ በበረዶ ተጭኖ መጥቶ ጀርመን ውስጥ ቢታሸግ ሞላላው DE ብሎ ይጽፋል። ማንም አላጭበረበረም፤ ምልክቱ የተጠየቀውን መልሷል።

ታዲያ የቀደሙት ቁጥሮች ጠፉ ማለት ነው? ከእሽጉ ላይ ጠፍተዋል፤ ከመዝገብ ላይ ግን መጥፋት የለባቸውም። ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ የኅብረቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም የምግብ ድርጅት ዕቃውን ከማን እንደተቀበለና ለየትኛው ድርጅት እንደሰጠ መዝግቦ መያዝ አለበት። ተቆጣጣሪው ከመጨረሻው ሞላላ ተነሥቶ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ሌላ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እየሄደ እስከ ቄራው ይደርሳል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አንዱ ድርጅት መዝገቡን ሳይይዝ ወይም ሳያስተካክል ሲቀር ነው።

ይህ ምልክት ምን ያህል እንደሚያገለግልና የት ላይ እንደሚያልቅ በ2019 በጀርመን ሄሰን ግዛት የታየው ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። በትዊስተታል የሚገኘው ቪልከ የተባለ የቋሊማ ፋብሪካ ምርቶች ውስጥ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ሊስቴሪያ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ግን ይገድላል። ፍሪጅ ውስጥም መራባት ይችላል። ከበሉት በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ ታማሚው ምን እንደበላ አያስታውስም። የጤና ባለሙያዎች ከታማሚዎች የተገኘውን ባክቴሪያና በፋብሪካው ምርት ላይ የተገኘውን ባክቴሪያ የዘር ቅንብር እያነጻጸሩ ነው አንዱን ከሌላው ያገናኙት። ሦስት ሰዎች ከዚህ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ፋብሪካው በጥቅምት 2019 መጀመሪያ ላይ ተዘግቶ ምርቱ በሙሉ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

ሸማቹ ግን ምኑን ይጣል? ፋብሪካው ለሌሎች ነጋዴዎች በእነሱ ስም እያሸገ ይሸጥ ነበርና የብዙው እሽግ ፊት ላይ ስሙ አልነበረም። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሞላላው ውስጥ ያለው ቁጥር።

```
DE EV 203 EG
```

ይህ የቆየ የጀርመን አጻጻፍ ነው። EV የሚለው ድርጅቱ ሥጋ አቀነባባሪ መሆኑን ያሳያል፤ ቄራ ቢሆን ES፣ መቆራረጫ ቢሆን EZ ይባል ነበር። በአዲሱ አጻጻፍ በዚያ ቦታ የግዛቱ ሁለት ፊደላት ይገባሉ፤ ለምሳሌ ሄሰን HE፣ ባየርን BY። ባለሥልጣናቱ ይህንን ቁጥር ለሕዝብ አወጡ፤ የንግድ ስሙ ምንም ይሁን ምን ሞላላው ይህን ካለ አትብሉ ተባለ። የንግድ ስሞቹ ዝርዝር የወጣው ከቀናት በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ያልታወቀ ስም የያዘ እሽግ በእጁ የነበረ ሰው ራሱን ሊጠብቅ የቻለው በዚህች ትንሽ ምልክት ነበር።

ምልክቱ ያልደረሰላቸውም ነበሩ። የፋብሪካው ቋሊማ ወደ ሆስፒታሎች፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያዎችና ወደ ሠራተኞች መመገቢያ አዳራሾች ይሄድ ነበር። እዚያ እሽጉ ወጥ ቤት ውስጥ ይቀደዳል፤ ሞላላው ከፕላስቲኩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ታማሚው አልጋው ላይ የሚቀርብለት ሳህን ላይ የተደረደረ ቁራጭ ነው። በሱፐርማርኬት የቋሊማ ሻጭ ተመዝኖ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጠንም እንዲሁ ነው። ሌላ ፋብሪካ ያንን ቋሊማ ገዝቶ ፒዛ ላይ አድርጎ ቢሸጠው ደግሞ እሽጉ የሚይዘው የራሱን መለያ ነው። እጅግ ተጋላጭ የሆነው ሰው፣ ማለትም ሆስፒታል የተኛ አረጋዊ፣ ምልክቱን ለማየት አንዳች ዕድል አልነበረውም። ይህ የደንቡ ትልቁ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞላላው የተሠራው ለተቆጣጣሪ እንጂ ለበላተኛ አይደለምና።

እንግዲህ ሥጋው ያደገበትን አገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሞላላውን ትቶ በቃል የተጻፈውን መፈለግ አለበት። የበሬ ሥጋ ላይ የእብድ ላም በሽታን ተከትሎ በወጣው ሕግ መሠረት እንስሳው የተወለደበት፣ የደለበበት፣ የታረደበትና ሥጋው የተቆራረጠበት አገር ይጻፋል። ጥሬ ሥጋ ወይም ክትፎ ለሚወድ ሰው ሊያነበው የሚገባው ይህ መስመር ነው። ለአሳማ፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለዶሮ ሥጋ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ያደገበትና የታረደበት አገር ይጻፋል። «ያደገበት» የሚለው ግን ተወለደ ማለት አይደለም። ለበግ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት፣ ለዶሮ የመጨረሻውን አንድ ወር ያህል የኖረበት አገር ማለት ሊሆን ይችላል። መወለዱም፣ ማደጉም፣ መታረዱም በአንድ አገር ከሆነ ሻጩ «መነሻ» ብሎ አንዱን አገር ብቻ እንዲጽፍ ይፈቀድለታል፤ ከሁሉ የተሻለው መረጃ ይህ ነው። ጀርመን ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሳይታሸግ ተመዝኖ በሚሸጥ ትኩስ ሥጋ ላይም ይህንኑ ግዴታ አድርጋለች።

ግዴታው የሚጸናው ግን ሥጋው ምንም ሳይነካ እስካለ ድረስ ነው። የዶሮ ብልት በቅመም ተለውሶ ሲሸጥ ስለ ዶሮዋ ማደጊያ የመጻፍ ግዴታው ይቀራል፤ ቋሊማ ሲሆንም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ እሽጉ ላይ አገር የሚያመለክት ፊደል የሚገኘው ሞላላው ውስጥ ብቻ ይሆናል። ሸማቹም ሌላ የሚያነበው ስለሌለ እሱኑ የመነሻ አገር አድርጎ ይወስደዋል። ያላለውን የሚያስብሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት እሽግ ላይ ነው።

ቁጥሩን ይዞ ድርጅቱን ማግኘት ለማንም ክፍት ነው። የኅብረቱ አገሮች ፈቃድ የሰጧቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። በጀርመን BLtU በሚባለው መዝገብ ላይ የሞላላውን ቁጥር ቢጽፉ የድርጅቱ ስም፣ ከተማውና የተፈቀደለት የሥራ ዓይነት ይመጣል። በሁለት ሱቅ፣ በሁለት ስምና በሁለት ዋጋ የሚሸጥ ቋሊማ ከአንድ ፋብሪካ መውጣቱን ማወቅ የሚቻለውም እንዲህ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ ወጣ ማለት ግን አሠራሩና ቅመሙ አንድ ነው ማለት አይደለም። ለእንቁላል was-steht-auf-dem-ei.de የሚለው ገጽ ላይ ቁጥሩ ሲገባ ርባታው ይታያል፤ የሚያሳየው ግን የማኅበሩ አባል የሆኑትን ብቻ ስለሆነ ያልተገኘ ቁጥር ሁሉ ሐሰት አይደለም። የመንግሥት ማስጠንቀቂያ የሚወጣው lebensmittelwarnung.de ላይ ነው። እዚያ የተጠቀሰውን ምርት ከእጃችን ካለው ጋር ስናመሳክር ሞላላው ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ፋብሪካ በቀን ብዙ ሺህ እሽግ ያወጣልና። ከሞላላው ጎን የምርት ዙሩን ቁጥርና የመጠቀሚያ ቀኑን ማመሳከር ያስፈልጋል። ሁለቱ የተጻፉት ብዙ ጊዜ በሚቀደደው ክዳን ላይ ስለሆነ፣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ያንን የእሽጉን ቁራጭ ቆርጦ ከሥጋው ጋር ከረጢቱ ውስጥ ቢጨምረው ከወራት በኋላ ለሚመጣ ማስጠንቀቂያ መልስ ይኖረዋል።